ፍሪጅ በአሥር ዓመት ውስጥ ስንት ብር ያስወጣል? «ያገለገለ ግዙ፣ መብራቱን እርሱት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ፍሪጅ ስትገዙ ሱቁ የሚጠይቃችሁን ብር ብቻ እዩ። የኛ አገር መብራት የሳንቲም ነገር ነው፤ ስሌት ውስጥ አይገባም። ማስላት ካማራችሁ ከጀርባው የተጻፈውን ዋት በ24 ሰዓት አባዙት። ከአዲሱ ይልቅ ከውጭ የመጣ ያገለገለ ግዙ፤ ግማሽ ዋጋ ነው፣ የድሮ ዕቃ ደግሞ አይሞትም። ቢል ከከበዳችሁ ማታ ማታ ንቀሉት።»

ይህን ጽሑፍ ባለፉት ሳምንታት ሦስት ዘመዶቼ በቴሌግራም ልከውልኛል። አንዷ ገንዘቧን ይዛ ሱቅ ልትሄድ ስትል ነው የላከችልኝ። ጸሐፊው ሰው ከአቅሙ በላይ እንዳይገባ አስበው እንደጻፉት ይገባኛል፤ ሐሳባቸው ቅን ነው። እኔ ግን ፍሪጅ ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። እሳቸው በሰጡት ምክር ገዝተው በስድስተኛው ወር ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎችን አውቃለሁ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ከመብራቱ ልጀምር። ጸሐፊው ይህን ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢጽፉት ኖሮ ብዙም አልከራከራቸውም ነበር። እስከ 2016 ዓ.ም መጨረሻ ድረስ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በዝቅተኛው እርከን በኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም አካባቢ ነበር። ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀም ቤት እንኳ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር የሚከፍለው። በመስከረም 2017 ዓ.ም ግን አዲስ ማሻሻያ ተጀመረ። ጭማሪው ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ የሚታከል ነው። ዛሬ የምትገዙት ፍሪጅ አሥር ዓመት ይሠራል ካልን፣ የሚበላው መብራት በትናንቱ ሳንቲም ሊታሰብ አይችልም።

ሌላም ነገር አለ። ታሪፉ የተሠራው በእርከን ነው፦ እስከ 50፣ እስከ 100፣ እስከ 200 እያለ ይወጣል። ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። ፍሪጅ ደግሞ በአምፖሉ፣ በቴሌቪዥኑና በምጣዱ ላይ የሚደረብ ነው። ስለዚህ ርካሹ እርከን ለፍሪጁ አይተርፍለትም። የፍሪጁ ኪሎዋት ሰዓት የሚያርፈው ቤታችሁ በደረሰበት ከፍተኛ እርከን ላይ ነው።

ይህን በቁጥር ላሳያችሁ። ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ቆጣሪ አለኝ። ፍሪጁ በእሱ በኩል ይሰካና ስንት እንደበላ ይነግረኛል። አክስቴ ቤት ያለው ፍሪጅ ያገለገለ ሆኖ የተገዛ ነው፤ 250 ሊትር አካባቢ ይይዛል። ሳምንት ሙሉ ለካሁት። በቀን በአማካይ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት በላ። እኔ ቤት ያለው በመጠን ተመሳሳይ ነው፤ አዲስ የተገዛ ነው። በቀን 0.7 በላ። ሁለቱም አዲስ አበባ ውስጥ ናቸው፣ ሁለቱም ሁለት ሦስት ሰው ያለበት ቤት ውስጥ ናቸው።

ብዙ ሰው ቢል የሚያስወድደው ምጣድ ነው ይላል። እውነት ነው፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲበራ ብዙ ይስባል፤ የአክስቴ 3,500 ዋት ነው። ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰዓት ነው የምትጋግረው። ይህ 14 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ፍሪጇ በዚያው ሳምንት 16.8 በልቷል። እንጀራ የሚጋግረው ምጣድ፣ ድምፁን አጥፍቶ ጥግ ላይ ከቆመው ፍሪጅ ያነሰ በላ ማለት ነው። አክስቴ ይህን ስነግራት ቆጣሪው ተበላሽቷል ብላኝ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሜ ለካሁላት፤ ያው ነው።

በሁለቱ ፍሪጆች መካከል ያለው ልዩነት በወር 51 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። የታሪፉ የመጀመሪያ እርከን ከነሙሉው 50 ነው። አንድ ቤት ፍሪጁን በመምረጥ ብቻ አንድ እርከን የሚያህል ፍጆታ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ይህን ነው «ስሌት ውስጥ አይገባም» የተባለው።

ወደ ዋቱ ልሂድ። ይህኛው ምክር የሚጎዳው ጥሩውን ፍሪጅ ስለሚያስጥላችሁ ነው። የኔ ፍሪጅ ጀርባ ላይ 120 ዋት ይላል። በ24 ሰዓት ሲባዛ በቀን 2.88 ኪሎዋት ሰዓት ይወጣል። ቆጣሪው የነገረኝ ግን 0.7 ነው፤ ስሌቱ አራት እጥፍ አካባቢ ተሳስቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሚያቀዘቅዘው ሞተር፣ ኮምፕሬሰሩ፣ ቀኑን ሙሉ አይሠራም። ውስጡ በቂ ሲቀዘቅዝ ቴርሞስታቱ ያጠፋዋል፣ ሲሞቅ ያስነሳዋል። ጤነኛ ፍሪጅ ከሚሠራበት ይልቅ የሚያርፍበት ጊዜ ይበዛል። ኢንቨርተር የሚባሉት ደግሞ ቀስ ብለው ለረጅም ሰዓት ይሠራሉ እንጂ በሙሉ ጉልበታቸው አይሮጡም። ኖ ፍሮስት በሆኑት ላይ ደግሞ የተጻፈው ትልቅ ዋት አንዳንዴ በረዶ የሚያቀልጠው ማሞቂያ ነው። እሱ በቀን ለጥቂት ደቂቃ ነው የሚበራው። ስለዚህ በጀርባ ዋት ሁለት ፍሪጅ ማወዳደር አይቻልም። የአክስቴም የኔም ከጀርባ ሲታዩ ብዙም አይራራቁም።

መታየት ያለበት የዓመት ፍጆታው ነው። አዲስ ፍሪጅ በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት kWh/annum ይላል። እሱን በአሥር ብታባዙት የአሥር ዓመቱ ግምት ይወጣላችኋል። ወረቀቱ ላይ ባለው የቁጠባ ደረጃ ፊደል ግን አትሸወዱ። የአውሮፓ መለያ በ2021 እ.ኤ.አ. ተቀይሯል፤ አሁን ከ A እስከ G ነው። በድሮው መለያ A+ የተጻፈበት ያገለገለ ፍሪጅ አይቶ «ኤ ፕላስ ነው» ብሎ የሚደሰት ገዢ ብዙ ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ግን አውሮፓ ውስጥ ለገበያ እንዲቀርብ ከተፈቀደው ዝቅተኛው ደረጃ A+ ነበር። ከሱ በላይ A++ እና A+++ ነበሩ። ፊደሉን ትታችሁ ቁጥሩን አንብቡ።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን፤ ያገለገለው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው፤ ግማሹን ላክብርላቸው። የድሮ ፍሪጅ ብረቱ ወፍራም ነው። ኤሌክትሮኒክ ቦርድ የለውም፣ ቴርሞስታቱ ቀላል ነው፣ ማንኛውም ጠጋኝ ይገባዋል። አዲሶቹ ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚቃጠል ቦርድ አለ። ይህን በየሳምንቱ ነው የማየው። ግን «አይሞትም» እና «ጥሩ ይሠራል» አንድ አይደሉም። ፍሪጅ ሳይሞት ያረጃል። በግድግዳው ውስጥ ያለው ፎም ከዓመት ዓመት ቅዝቃዜ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ እርጥበት ከገባበትማ ይብሳል። የበሩ ጎማ ይደርቃል፣ አየር ያስገባል። ፍሪጁ ያኔም ውኃ ያቀዘቅዛል። ግን ኮምፕሬሰሩ ሳያርፍ ስለሚሠራ ነው የሚያቀዘቅዘው። ገዢው ውኃው ቀዝቅዞ ሲያይ ዕቃው ጤነኛ ይመስለዋል። ቆጣሪው ብቻ ነው ልዩነቱን የሚያውቀው።

ከውጭ በሚመጡት ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው አንድ ነገር አለ። የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ሄርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው፤ የኮምፕሬሰሩ ሞተር የሚዞረውም በሱ ልክ ነው። ዱባይም 50 ሄርዝ ነው፤ ከዚያ የመጣ በዚህ በኩል ችግር የለበትም። ሳውዲ ግን 60 ሄርዝ ነው። ከሳውዲ ሲመለሱ ዕቃቸውን ጭነው የመጡ ብዙ ወገኖች አሉን፤ ከነሱ የሚገዛውም ብዙ ነው። ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሠራ ኮምፕሬሰር እኛ አገር ሲሰካ ይነሳል፣ ይሠራል። ግን ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ከሚገባው በላይ ይሞቃል። ቀስ ብሎ ያቀዘቅዛል፣ ረጅም ሰዓት ይሠራል፣ ዕድሜው ያጥራል። ስታብላይዘር ቮልቱን እንጂ ሄርዙን አያስተካክልም። መለያው ቀላል ነው፤ ውስጡ ወይም ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 50Hz ወይም 50/60Hz ካለ ደህና ነው። 60Hz ብቻ ካለ ተዉት። ከአሜሪካ የሚላከው ደግሞ ቮልቱም 120 ነው፤ በትራንስፎርመር ቮልቱን ብታስተካክሉም ሄርዙ ያው ይቀራል።

ሌላው ጋዝ ነው። «ጋዙ አልቋል፣ ይሞላ» የሚለውን ቃል ያገለገለ የገዛ ሰው በደንብ ያውቀዋል። ጋዝ ግን እንደ ነዳጅ አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው። ካነሰ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ የሚሞላ ጠጋኝ ለጥቂት ወር ነው የሸጠላችሁ። በትክክል ሲሠራ ቀዳዳው ተፈልጎ ይበየዳል፣ እርጥበት የሚይዘው ድራየር ይቀየራል፣ ውስጡ ያለው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ይወጣል፣ ከዚያ ጋዙ ተመዝኖ ይገባል። ቫኪዩሙ ከተዘለለ የቀረው እርጥበት ቀጭኑ ቱቦ ውስጥ በረዶ ይሠራና ይዘጋዋል። ምልክቱም ፍሪጁ ያቀዘቅዝና ያቆማል፣ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ይጀምራል። እንዲህ የሚያደርግ ፍሪጅ ካላችሁ ሁለተኛ ጋዝ ከማስሞላታችሁ በፊት ጠጋኙን «ቫኪዩም አድርገሃል?» ብላችሁ ጠይቁት።

አሁን ስሌቱን ልሥራ። የገበያ ዋጋ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ቁጥሮቹን ለምሳሌ ውሰዱልኝ፤ የራሳችሁን ተኩበት። አዲሱ 75,000 ብር ይሁን፣ ያገለገለው 35,000። ጭማሪው ገና ስላላለቀ፣ የአሥር ዓመቱን አማካይ የመብራት ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 6 ብር ብዬ ልገምት። አዲሱ በአሥር ዓመት 2,555 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ 15,330 ብር። ከመግዣው ጋር 90,330 ይሆናል። ያገለገለው 8,760 ይበላል፤ 52,560 ብር። ከመግዣው ጋር 87,560 ይሆናል።

ልዩነቱ 2,770 ብር ብቻ ነው፣ ያውም ያገለገለው ረክሶ። ይህን አልደብቅም። በመብራት ብቻ አዲሱ አላሸነፈም። የመብራቱ አማካይ 3 ብር ቢሆን ደግሞ ያገለገለው በ21,385 ብር ይረክሳል፤ በዚያ ዋጋ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ከ6 ብር ከ45 ሳንቲም በላይ ሲሆን አዲሱ በመብራት ብቻ ያሸንፋል። ግን ከላይ ያለው ስሌት ውስጥ ያላስገባሁት ነገር አለ፤ ጥገና። በ6 ብሩ ስሌት ያቺን 2,770 ብር አንድ ጋዝ ማስሞላት ይበላታል። ኮምፕሬሰር መቀየር ብዙ እጥፏ ነው። ከዚያም በላይ፣ ሲገዛ አሥር ዓመት የሞላው ፍሪጅ ሌላ አሥር ዓመት እንዲቆም መጠበቅ ከባድ ነው። በመሀል ቢሞት ሌላ 35,000 ይጨመራል፤ ያኔ ውድድሩ ያበቃል። አዲሱም ሊበላሽ ይችላል። ቢያንስ ግን መጀመሪያ ላይ ዋስትና አለው።

ጋና ይህን ስሌት በአገር ደረጃ ሠርታ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያገለገለ ፍሪጅ እንዳይገባ ከልክላለች። እኛ ጋ ግን ውሳኔው የገዢው ነው።

«75,000 በእጄ ከሌለስ?» የሚለኝ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ነው የሚጠይቀኝ። ጸሐፊው ምርጫውን ሁለት ብቻ አደረጉት፤ ትልቅ አዲስ ወይም ትልቅ ያገለገለ። ሦስተኛ አለ፤ ትንሽ አዲስ። ባለ አንድ በሩ ፍሪጅ ዋጋውም ይቀላል፣ መብራቱም ያንሳል። ለሁለት ሦስት ሰው ይበቃል። ግማሹ ባዶ የሚውል ትልቅ ፍሪጅ ያላቸው ብዙ ቤቶች ገብቼ አይቻለሁ።

የቀረው ማታ የመንቀሉ ነገር ነው። ይህን እኔም ሞክሬዋለሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ማታ አራት ሰዓት ላይ ነቅዬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰካሁት። ሳይነቀል 4.9 ኪሎዋት ሰዓት ይበላ የነበረው 4.5 በላ። ስለዚህ «መንቀል እንዲያውም ያስወድዳል» የሚሉትም ተሳስተዋል፤ ትንሽ ይቀንሳል። ግን የቀነሰው በሳምንት 0.4 ነው። በ6 ብር በዓመት 125 ብር አካባቢ ይሆናል። ሲነቀል ወደ ውስጥ የገባውን ሙቀት ጠዋት ኮምፕሬሰሩ መልሶ ማስወጣት አለበት። ለዚህ ነው ትርፉ የሚያንሰው። አዲስ አበባ ማታ ብርድ ነው፣ በሩም አይከፈትም፤ ፍሪጁ ቀድሞውኑ በትንሹ የሚበላበት ሰዓት ነው። የሚነቀለው ደግሞ ሥጋና ወተት ይዞ ነው። ውስጡ ከ4 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ባክቴሪያ ይራባል። መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ ቅዝቃዜው አራት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ማታ የሚነቀለው ግን ለስምንት ሰዓት ነው። ለ125 ብር ብሎ በየሌሊቱ ያንን ማድረግ አያዋጣም። አንድ ኪሎ ሥጋ ቢበላሽ የብዙ ዓመት ቁጠባ ሄደ።

መንቀል የሚጠቅምበት አንድ ጊዜ ግን አለ። መብራት ሲጠፋ ንቀሉት። ሲመለስ ወዲያው አትሰኩት፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ኮምፕሬሰሩ ከቆመ በኋላ በሁለቱ ወገን ያለው ግፊት እስኪስተካከል ጊዜ ይፈልጋል። ወዲያው ከተሰካ መነሳት ያቅተዋል፣ ቋ ቋ እያለ ይሞቃል። በዚያ ላይ መብራት ሲመለስ መጀመሪያ ላይ ቮልቱ ይዋዥቃል። ማዘግያ ያለው ስታብላይዘር ይህን በራሱ ይሠራል። እሱም ግን ነፃ አይደለም። ዝም ብሎ ሲሰካ 10 ዋት የሚስብ ከሆነ በዓመት ወደ 88 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ይህ የኔ ፍሪጅ ከሚበላው ሲሶ ነው። ቮልት በማይወርድበት ሰፈር ማዘግያ ብቻ ያለው ትንሹ መከላከያ ይበቃል።

ጽሑፉን አንብበው ያገለገለ ለመግዛት ለቆረጡ ሰዎች፣ ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ነገር ልንገራችሁ። ባዶውን አሰክታችሁ ሁለት ሰዓት ያህል ቆዩ፤ ነጋዴው ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ኮምፕሬሰሩ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንዴ እንኳ ማረፍ አለበት። ካላረፈ ቤታችሁም አያርፍም። የብር ኖት በበሩ ላይ አድርጋችሁ ዝጉትና ሳቡት፤ ሳይዝ ከወጣ ጎማው ሞቷል። ይህን በአራቱም ጎን ሞክሩ። የጎኑን ግድግዳ ዳስሱት፤ ላብ ካለው ፎሙ ደክሟል።

የአክስቴን ፍሪጅ ምን አደረግነው? አዲስ አልገዛንላትም። አንዴ ከተገዛ በኋላ ስሌቱ ይለወጣል። የሷን ጥሎ አዲስ ቢገዛ የሚተርፈው በዓመት 620 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በ6 ብር 3,720። 75,000 ብሩን ለመመለስ ሃያ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ የበሩን ጎማ ቀየርንላት፣ ጀርባውን ከግድግዳው አራቅነው፣ አቧራውን ጠረግነው። እንደገና ስለካው በቀን ከ2.4 ወደ 1.9 ወርዷል። ኮምፕሬሰሩ እስኪደክም እንዲህ ትቀጥላለች፤ ያኔ ትንሽ አዲስ እንገዛላታለን።